ዓይኑን የማይነቅለው ነጋዴ
(ጅማ ውስጥ ለወጣት ጸሐፊያን የቀረበ ንግግር)

ክቡራንና ክቡራት፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ አጭር ልቦለድ አጻጻፍ እንድናገር ነበር። ርእሱ ከአንድ ምሽት ስለሚሰፋ አጥብቤዋለሁ። አንድ ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ እየተረክሁ እፈታዋለሁ።

አንዲት ልጅ ሙዚየም ትገባለች። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአንድ ሰው ሥዕል ዓይኑን አልነቅልላት ይላል። በዚህ የሚጀምር ታሪክ ያላነበበ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እንዴት እንደሚያልቅም ታውቃላችሁ፤ መብራት ይጠፋል፣ የሥዕሉ ዓይን ይገለበጣል፣ ልጅቱ ትጮኻለች። ይህን አጨራረስ የምጠላው ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ ነገሩን ስቶታል። ልጅቱን የሚያስፈራት የሥዕሉ ዓይን ስለማይንቀሳቀስ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ታሪኬን እዚሁ ጅማ ሙዚየም ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የዳግማዊ አባ ጅፋር መገልገያዎች የሚገኙበትን ቤት አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሥዕሉና ክፍሉ ግን የእኔ ፈጠራ ናቸው፤ ነገ ሄዳችሁ እንዳትፈልጓቸው። የንጉሡን ምስል ያላደረግሁትም ሆን ብዬ ነው። አባ ጅፋርን ካደረግኋቸው አንባቢው ስለ ንጉሡ ማሰብ ይጀምራል፤ እኔ ደግሞ ስለ ዓይን እንዲያስብ ነው የምፈልገው። ስለዚህ ስሙ ያልተጻፈ አንድ የቡና ነጋዴ ሣልሁ።

ለይላ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ሲብስ አክስቷ እሷንና ስድስት ዓመት የሞላውን ወንድሟን ይዛ ሙዚየሙ ውስጥ ትጠለላለች። አክስትየው በር ላይ ቆማ ሰማዩን ታያለች፤ ልጆቹ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ነጋዴው ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ነጭ ጥምጥም አድርጓል። ሁለቱም ጆሮዎቹ እኩል ይታያሉ፣ አፍንጫው ቀጥ ብሎ ወደ ተመልካች ወጥቷል፣ የዓይኑ ጥቁር ደግሞ ከነጩ መካከል ላይ ተቀምጧል፤ ግራና ቀኝ የቀረው ነጭ እኩል ነው።

እዚህ ላይ ልቁም። ጆሮውን፣ አፍንጫውንና የዓይኑን ነጭ የጠቀስሁት ገጽ ለመሙላት አይደለም። ከሦስቱ አንዱ ቢዛባ ታሪኩ ይፈርሳል። ሥዕል ተመልካቹን የሚከተለው ሲሣል ቀጥታ ወደ ተመልካቹ እንዲያይ ተደርጎ ከተሣለ ነው። ትንሽ ወደ ጎን ካየ፣ የትም ብትቆሙ ወደ ጎናችሁ ሲያይ ይኖራል እንጂ እናንተን አያይም። ሞና ሊዛን የማያነሣ የለም፤ «ዓይኗ ይከተላል» ይባልላታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጀርመን አገር ቢሌፌልድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች 24 ሰዎችን አስቀምጠው እይታዋ የት እንደሚያርፍ አስለኩ። በአማካይ ከተመልካቹ ወደ ቀኝ 15 ዲግሪ ያህል ዞር ብሎ ተገኘ። ሰው «እየታየሁ ነው» የሚለው እይታው ከአምስት ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ነው። ዝነኛዋ ሴትዮ፣ እንግዲህ፣ ማንንም አትከተልም።

የእኛ ሠዓሊዎች ይህን ሳይለኩ የተጠቀሙበት ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ወደ እኛ ይሣላል፤ ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን፣ አንድ ዓይን ብቻ ይዘው። ውጤቱን አስቡት። ቅዱሱ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያያል፤ ሰይጣን አንድም ሰው አያይም።

ወደ ለይላ እንመለስ። ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ነጋዴው ያያታል። ወደ ቀኝ ትሻገራለች፣ ያያታል። ቁጢጥ ትላለች፣ አሁንም ያያታል። ይህን ያህል ሁላችሁም ትጽፉታላችሁ። ከዚህ በኋላ ነው ብዙ ታሪክ የሚንኮታኮተው፤ ጸሐፊው የፍርሃት ቃላት መደርደር ይጀምራል። ልብ ይመታል፣ ላብ ይወርዳል። እኔ ለይላን ፈሪ ብቻ ላደርጋት አልፈለግሁም። የምትፈትን ልጅ ናት።

ክፍሉ መካከል ላይ አንድ የጅማ በርጩማ አለ፤ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ባለ ሦስት እግር። ለይላ ከነጋዴው ለመሸሽ በበርጩማው ዙሪያ ትዞራለች። ስትዞር አንዱ እግር ከሌላው ኋላ ይደበቃል፤ ሁለት እርምጃ ስትጨምር የተደበቀው ብቅ ይላል፣ ሌላው ይጠፋል። መቀመጫው ላይ ያለው ጉድጓድ በአንድ በኩል ጥላ ይዟል፣ በሌላው በኩል ጥላው የለም። ቀና ብላ ነጋዴውን ታያለች። የቀኝ ጆሮውን ለማየት ወደ ቀኝ ትጠጋለች፤ ጆሮው እንደነበረው ነው፤ የግራውም አልተደበቀም። ጥግ ድረስ ሄዳ ከግድግዳው ጋር ልትለጠፍ ስትል ፊቱ ይጠብባል፣ ይሰለስላል፤ ሁለቱ ጆሮዎች ግን አሉ፣ የዓይኑ ጥቁርም ከመካከል አልተነቃነቀም።

ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ታሪኩ ውስጥ አንድም የፊዚክስ ቃል ሳላስገባ በርጩማው ነግሮላታል። ጥርብ ነገር፣ ሕያው ሰውም ቢሆን፣ ስትዞሩት ሌላ ጎኑን ይሰጣችኋል። ፊት ለፊት ያያችሁ የነበረ ሰው፣ ወደ ጎን ስትሄዱ ጉንጩ ይታያችኋል፣ የዓይኑ ጥቁርም ወደ አንድ ጠርዝ የሄደ ይመስላል፤ «አሁን አያየኝም» የምትሉት በዚህ ነው። ሸራ ግን ዝርግ ነው። ሠዓሊው የሰጠው አንድ ጎን ብቻ ስለሆነ የትም ብትቆሙ ያው ጎን ነው የሚደርሳችሁ። እናንተ ስትንቀሳቀሱ እይታው ካልተለወጠ፣ አእምሯችሁ «ሰውየው ከእኔ ጋር እየዞረ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ዓይኑ የሚከተለን ሳይንቀሳቀስ በመቅረቱ ነው ያልሁት ለዚህ ነው። ጸሐፊው ዓይኑን በእውነት ሲያንቀሳቅሰው፣ አንባቢ በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊፈትነው የሚችለውን ነገር ወስዶ የትም የማይገኝ ጭራቅ ይሰጠዋል።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን። ወንድምየው በክፍሉ ሌላኛ ጥግ ነው ያለው። ድንገት ይጮኻል።

«ለይልዬ! ይሄ ሰውዬ እኔን እያየኝ ነው!»

«አንተን አይደለም፣ እኔን ነው።»

«እኔን ነው አልኩሽ!»

ለይላ ክፍሉን በዓይኗ ትለካለች። እሷ ከበሩ በኩል፣ እሱ ከመስኮቱ በኩል፤ በመካከላቸው የክፍሉ ስፋት ሁሉ አለ። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ማየት አይችልም። እስካሁን የፈራችው ተመርጬ እየታየሁ ነው ብላ ነበር፤ አሁን የከፋ ነገር መጣ፤ ነጋዴው ማንንም አልመረጠም።

ይህ የሁለት ሰዎች ክርክር ዕድሜው ረጅም ነው። ኒኮላስ ዘኩዛ የተባለ የጀርመን ካርዲናል እ.ኤ.አ. በ1453 ለቴገርንዜ ገዳም መነኮሳት አንድ ሁሉን የሚያይ ሥዕል ከመጽሐፍ ጋር ልኮላቸው ነበር። በሰሜን ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ዙሪያውን ቁሙ አላቸው፤ እያንዳንዱ «እኔን ብቻ ነው የሚያየው» ይላል። ከዚያ አንዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ሌላው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሂድ፤ ሲገናኙም ይጠያየቁ። እርሱ ነገሩን ስለ እግዚአብሔር እይታ ለማስተማር ተጠቀመበት። ለእኛ ለጸሐፊዎች የሚጠቅመን አሠራሩ ነው። አንድ ምስክር ብቻ ያለበት ታሪክ «ልጅቱ ተሳስታ ይሆናል» ያሰኛል፤ ሁለተኛው ምስክር ከተቃራኒ አቅጣጫ ሲመጣ ማምለጫው ይዘጋል። ወንድምየውን ወደ ታሪኩ ያመጣሁት ለጨዋታ አልነበረም።

ሦስተኛ ምስክርም አለኝ፣ ጥበቃው።

«ጋሼ፣ እርስዎንስ ያይዎታል?»

ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። «እኔን? እኔን አያየኝም» ይላሉ፤ ቀና እንኳን አላሉም።

ለይላ አላመነችም። ከሁሉም ቦታ ያያል፣ እንዴት እሳቸውን አያይም? ሄዳ አጠገባቸው ትቆማለች፤ ከዚያ ዞር ብላ ሥዕሉን ለማየት ትሞክራለች። የሚታያት የክፈፉ ጠርዝ ብቻ ነው። ጥበቃው የተቀመጡት ሥዕሉ በተሰቀለበት በዚያው ግድግዳ ሥር ነው፤ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተዋል። በክፍሉ ውስጥ ነጋዴው የማይደርስበት ቦታ እሱ ብቻ ነው፤ ነጋዴውን ማየት የማይቻልበት ቦታም እሱ ብቻ ነው።

«ስንት ዓመት ሆነዎት እዚህ ሲቀመጡ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ። ሌላ ቦታ አይመቸኝም» ይላሉ፤ ገጹን ይገልጣሉ።

ታሪኩ እዚህ ያልቃል። አክስትየው «ዝናቡ አባርቷል፣ ኑ» ስትል እንድጨርሰው የመከሩኝ ነበሩ። ዝናብ ሲያባራ የሚያልቅ ታሪክ በዝቶብኛል። ለይላ ስለ ዝርግ ሸራ እንድትናገርም አላደረግሁም፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መምህር ስትሆን አንባቢ ይሸሻል። ያየችውን አይታለች።

አንድ የሥራ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1824 ዊልያም ዎላስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በሥዕል ላይ ያለ ዓይን ወዴት እንደሚያይ የሚያትት ጽሑፍ አቀረበ። ያደረገው ቀላል ነው። የተሣሉትን ሁለት ዓይኖች ምንም ሳይነካ የፊቱን የታችኛውን ክፍል፣ አፍንጫውን ጭምር፣ ዞር ባለ ፊት ተካው። ያው ዓይን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያይ ታየ። ለካ የእይታን አቅጣጫ ከዓይን ብቻ አናነብም፤ ከአፍንጫና ከጭንቅላት አያያዝ ጋር ደምረን ነው። ስለ ዓይን ሦስት ገጽ ጽፎ ስለ ፊቱ አንድ መስመር ያልጻፈ ሰው፣ ሥዕሉ ወዴት እንደሚያይ ገና አልነገረንም።

ከእናንተ መካከል ረቂቅ ይዘው የመጡ እንዳሉ ነግረውኛል። ሻይ እየጠጣን ወደ እኔ አምጧቸው፤ በደስታ አነባለሁ። ግን ወረቀቱን ከመቀበሌ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከአሁኑ ተዘጋጁበት፤ የሥዕላችሁ ሰው አፍንጫ ወዴት ዞሯል?

አመሰግናለሁ።