ወደ ሊትር መልሱት
በማህበራችን ዓመታዊ ስብሰባ መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ።

ባለፈው ዓመት ድሬዳዋ ላይ ተሰብስበን ስንመለስ፣ የጉዟችንን የካርቦን ልቀት አስላ ተብዬ ነበር። ሥራው ቀላል መሰለኝ። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ትይዛለህ። መጓጓዣው በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለቅ ከሠንጠረዥ ታያለህ። ታባዛለህ፣ አለቀ። ይህን ከሠንጠረዥ የሚወሰደውን ቁጥር ዛሬ «ማባዣ» እያልኩ እጠራዋለሁ።

ማታ ተቀምጬ ሠራሁት። ለአንድ አውቶቡስ፣ ለመሄጃው ብቻ፣ 18 ቶን ተኩል ወጣልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቁጥሩ አልከነከነኝም። ትልቅ ነገር ስጠብቅ ነበር፣ ትልቅ ነገር መጣ። ደግነቱ በማግስቱ ለሹፌራችን ደውዬ፣ እስከ ድሬ ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሚበላ ጠየቅኩት። «ኧረ ከ150፣ ከ160 አይዘልም» አለኝ።

አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። እንግዲህ 18 ቶን ተኩል እንዲወጣ ወደ 7,000 ሊትር መቃጠል አለበት። ይህን የሚጭነው ቦቴ ነው እንጂ የእኛ አውቶቡስ አይደለም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ እንዴት ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ጭስ ያወጣል? መልሱ አየሩ ውስጥ ነው። ሊትሯ ወደ 840 ግራም ትመዝናለች። ከዚያ ውስጥ ካርቦኑ ወደ 720 ግራም ነው። ሲቃጠል እያንዳንዱ 12 ግራም ካርቦን ከአየር ላይ 32 ግራም ኦክስጅን ይዞ 44 ግራም ሆኖ ይወጣል። ክብደቱን የጨመረው ኦክስጅኑ ነው። የቤንዚን ሊትር ቀለል ስለሚል 2.3 ኪሎ ይወጣዋል።

ወደ ስህተቴ ልመለስ። መንገዱን በቁልቢ በኩል 515 ኪሎ ሜትር ብዬ ያዝኩ። አውቶቡሱ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ይበላል ብንል፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 0.8 ኪሎ ይለቃል። በ515 ስናባዛው 414 ኪሎ ይሆናል። እስከዚህ ትክክል ነበርኩ። ከዚያ ግን «45 ሰው ነን» ብዬ በ45 አባዛሁት። ማባዣው የመኪናው ነበር፤ እኔ የሰው አደረግኩት። ማባዛት ሳይሆን ማካፈል ነበረብኝ። 414 ለ45 ሲካፈል ለአንድ ሰው 9 ኪሎ ግድም ይደርሰዋል።

ሠንጠረዦች ሁለቱንም ዓይነት ማባዣ ጎን ለጎን ይሰጣሉ። አንዱ በተሽከርካሪ ኪሎ ሜትር፣ ሌላው በመንገደኛ ኪሎ ሜትር ነው። የቤት መኪና አብዛኛውን ጊዜ በተሽከርካሪ ይሰጣል። አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን በመንገደኛ ይሰጣሉ። ከመካከላችን በራሱ መኪና የመጣ ሰው ነበር። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን ቢበላ፣ እስከ ድሬ 119 ኪሎ ይለቃል። ብቻውን ከነበረ 119ኙም የሱ ነው። አራት ሆነው ከመጡ ለእያንዳንዱ 30 ይደርሰዋል። መኪናው ያው፣ መንገዱ ያው።

በመንገደኛ የተሰጠውም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም። ማካፈሉን ሌላ ሰው ቀድሞ ሠርቶታል፤ ያካፈለውም በራሱ አገር መንገደኞች ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀመው የእንግሊዝ መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣውን ሠንጠረዥ ነው። እዚያ የከተማ አውቶቡስ በመንገደኛ ኪሎ ሜትር 0.1 ኪሎ ገደማ ነው። ለምን ይህን ያህል በዛ? የእነሱ አውቶቡስ ብዙውን ጊዜ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ስለሚሄድ ነው። የእኛን አውቶቡስ በዚያ ብናሰላው ለአንድ ሰው 51 ኪሎ ይሆናል፣ ከትክክለኛው አምስት እጥፍ በላይ። ሠንጠረዡ አገር አቋራጭ የሚለው ሌላ መስመር አለው፣ 0.03 እንኳን አይሞላም። እሱ ይቀርበናል። ቢሆንም የነዳጁን ሊትርና የሰዉን ቁጥር ካወቅን ሠንጠረዥ ለምኔ?

ባቡሩም እንዲሁ ነው። ከፉሪ ለቡ ተነስቶ ድሬ የሚያደርሰን ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። የአገራችን መብራት ደግሞ ከሞላ ጎደል ከውኃ ኃይል ነው። የእንግሊዝ ባቡር ማባዣ ውስጥ ግን በናፍጣ የሚሄዱ ባቡሮች አሉበት፤ ኤሌክትሪካቸውም ከፊሉ ከጋዝ የመነጨ ነው። ያንን ማባዣ አምጥቶ እዚህ መለጠፍ የሌለ ጭስ መፍጠር ነው። በባቡር ለመጡት የጉዞውን ልቀት ከዜሮ ብዙም አላራቅኩትም። ሐዲዱን ለመዘርጋት የወጣውን ሲሚንቶና ብረት አልቆጠርኩም። አስፋልቱንም አልቆጠርኩም።

በአውሮፕላን የመጣችሁ ደግሞ፣ ርቀቱ ራሱ ሌላ ነው። አውሮፕላን በአዋሽ አይዞርም። ከቦሌ እስከ ድሬዳዋ ቀጥታው 343 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እርግጥ ለመነሳት፣ ለመዞርና ለማረፍ ይጨምራል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ550 ኪሎ ሜትር ባነሰ በረራ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ይደምራል። የእንግሊዙ ሠንጠረዥ ደግሞ 8 በመቶ ጭማሪውን ማባዣው ውስጥ አስቀድሞ ከቶታል። ሁለቱን አንድ ላይ የተጠቀመ ሰው መዞሪያውን ሁለት ጊዜ ይከፍላል። እኔ የእንግሊዙን የአገር ውስጥ በረራ ማባዣ፣ 0.13 ገደማውን፣ በ343 ብቻ አባዛሁት። ለአንድ ሰው 45 ኪሎ ግድም ወጣ።

ያው ሠንጠረዥ ሌላ፣ ከፍ ያለ የበረራ ማባዣም አለው። ከፍታ ላይ የሚቀረው ነጭ የደመና መስመርና ሌሎችም ነገሮች ሙቀቱን ስለሚያባብሱ ነው ከፍ የሚለው። የትኛውን እንደወሰዳችሁ ካልጻፋችሁ፣ ሁለት ሰው አንድ በረራ አስልቶ አንዱ የሌላውን እጥፍ የሚጠጋ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። በፕሮፔለር የሚበሩት የአገር ውስጥ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ስለሚበሩ፣ ለእነሱ ከፍተኛውን መጠቀም አልመሰለኝም። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ የማይስማማ ካለ ሻይ ላይ እንከራከራለን።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ያሳፈረኝም እሱ ነው። አውቶቡሱ የኮንትራት ነበር። አድርሶን እዚያው አልጠበቀንም። ባዶውን አዲስ አበባ ተመለሰ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ባዶውን መጥቶ ወሰደን። እኔ ደርሶ መልስ ብዬ 1,030 ኪሎ ሜትር ጻፍኩ። ጎማው የረገጠው ግን 2,060 ነው። ባዶ ሲሄድ ትንሽ ይቀለዋል እንጂ ናፍጣ መጠጣቱን አይተውም። በዚህ ከሄድን ለአንድ ሰው 18 ያልኩት ደርሶ መልስ ወደ 37 ኪሎ ይጠጋል። ከአውሮፕላኑ ደርሶ መልስ 90 አሁንም በጣም ያንሳል። በቤት መኪና አራት ሆነው ከመጡት 60 ጋር ግን ልዩነቱ እየጠበበ መጣ።

ስለዚህ ዘንድሮ በር ላይ የሚሰጣችሁ ቅጽ ተቀይሯል። «ከየት መጡ» ከሚለው በታች አራት መስመር ጨምረንበታል። በምን መጡ? መኪናው ውስጥ ስንት ሆናችሁ? ስንት ሊትር ቀዳችሁ? መኪናው አድርሷችሁ ባዶውን ተመልሷል ወይ? ሊትሩን የማታውቁ ሹፌሩን ጠይቁልኝ። ውጭ ቆሟል፣ ስልኬንም ያነሳል።

አመሰግናለሁ።