ሶስተኛዋ ኳስ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለች አንዲት ምት ነው የማወራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ሲያትል ሰፈራችን ካለው ሜዳ ስመለስ መኪና ውስጥ ሁሉ እሷን ነበር የማስበው። ፒክልቦል ላይ፣ ማለትም እንደ ቴኒስ ኳስ መረብ አሻግረው ፓድል በሚሉት ጠፍጣፋ መምቻ በሚጫወቱት ጨዋታ ላይ፣ ሶስተኛዋ ኳስ፣ ሰርድ ሾት ድሮፕ የሚሏት። ጨዋታው ራሱ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው፣ በ1965 ከሲያትል በጀልባ ተሻግራችሁ ቤይንብሪጅ ደሴት ላይ ነው የተጀመረው፣ አሁን ሰፈራችን ውስጥ ሀበሾችም በደንብ እየገባንበት ነው።

እሺ፣ ከሰርቩ ልጀምር። ቴኒስ የምታዩ ሰዎች ሰርቭ የሚያደርገው ወገን የበላይ ነው ብላችሁ ነው የምታስቡት፣ ቴኒስ ላይ ልክ ነው፣ ፒክልቦል ላይ ግን ግልባጩ ነው። ለምን መሰላችሁ፣ ሰርቩ እነሱ ጋ ነጥሮ ነው የሚመለሰው፣ የተመለሰችውም ኳስ እኛ ጋ መንጠር አለባት፣ ከዛ በኋላ ነው ሳትነጥር ከአየር ላይ መምታት የሚፈቀደው። ስለዚህ እኔና አጣማሪዬ ሰርቭ አድርገን ኋላ መስመሩ ላይ ቆመን መጠበቅ ነው ያለን፣ ቸኩለን ወደፊት ከገባን ኳሷ እግራችን ስር ታርፍብናለች። እነሱ ግን አንደኛው ከመጀመሪያውም ፊት ነው የቆመው፣ ሌላኛው ደግሞ ሪተርኑን ረጅም አድርጎ ይመታና ተከትሏት ይሮጣል። እኛ ሶስተኛዋን ኳስ ልንመታ ስንል ሁለቱም ኪችኑ መስመር ላይ ፓድላቸውን ከፍ አድርገው ተገትረዋል። እኛ ከመረቡ 22 ጫማ፣ እነሱ 7 ጫማ። እና በተለመደው አቆጣጠር ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ ያደረገው ወገን ብቻ ስለሆነ፣ የምትፈልጋት ነጥብ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚች በሶስተኛዋ ኳስ በኩል ነው የምታልፈው።

ኪችን ያልኳችሁ ከመረቡ በሁለቱም በኩል ያለው ባለ 7 ጫማ ክልል ነው፣ እዛ ውስጥ ሆነህ ወይ መስመሩን ረግጠህ ኳስ ከአየር ላይ መምታት ክልክል ነው። ድሮፑ የተሰራው በዚህ ህግ ላይ ነው። ከኋላ ሆነህ ኳሷን ቅስት አድርገህ ትልካታለህ፣ መረቡን ስታልፍ ቁልቁል እየወረደች ነው፣ ኪችናቸው ውስጥ ታርፋለች፣ እነሱ ገብተው መጨፍለቅ አይችሉም፣ እስክትነጥር ይጠብቃሉ፣ ከነጠረች ደግሞ ከመረቡ በታች ናት፣ ወደ ላይ አንስተው መመለስ ግድ ይሆንባቸዋል። ኳሷ በአየር ላይ ባለችበት፣ እነሱም ባጎነበሱበት ጊዜ ውስጥ እኛ ወደፊት እንራመዳለን። ምቷ ነጥብ ለመግደል አይደለችም፣ መንገድ ለመክፈት ናት።

በሀይል ለምን አትመታም የሚል ይኖራል። ሪተርኑ አጭርና ከፍ ብሎ ከመጣልህ ምታ፣ ድራይቭ አድርግ፣ ትክክል ነው። ከጥግ ሆነህ ግን ጥልቅ የመጣችን ኳስ ስትጠልዝ ደረታቸው ላይ ነው የምትደርስላቸው፣ እነሱ ፓድላቸውን ዘርግተው ማስቆም ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው፣ አንተ ገና ኋላ ነህ።

አሁን ዲንክ ጋ ልምጣ፣ ምክንያቱም እኔ ረጅም ጊዜ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ሁለቱም ኳሶች የሚያርፉት አንድ ቦታ ነው፣ ኪችን ውስጥ፣ ሁለቱም ለስላሳ ናቸው፣ ስለዚህ ድሮፕ ማለት ከሩቅ የተመታ ዲንክ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። እና ቤዝላይን ላይ ቆሜ እንደ ዲንክ በእጄ ብቻ ገፋ አደርጋታለሁ፣ ወይ መረቡ ትበላታለች፣ ወይ እሱን ፈርቼ አንጓዬን ስጨምርበት ትጎንና ሰውየው ራሴ ላይ ይጨፈልቃታል። ዲንክ እኮ አራታችንም መስመሩ ላይ ከደረስን በኋላ የምትመታ ናት፣ መንገዷ አጭር ነው፣ እጅህን ወደኋላ ሳትስብ ከፊትህ ገፋ ታደርጋታለህ፣ አላማህም ቦታህን ሳትለቅ እነሱ እስኪሳሳቱ መጠበቅ ነው። ድሮፕ ላይ ግን መረቡ ጋ ለመድረስ ብቻ 22 ጫማ አለህ፣ ጉልበትህን አጠፍ አድርገህ ከትከሻህ ነው የምታነሳት፣ አንጓህ ዝም ይላል፣ የኳሷ ጫፍ ደግሞ፣ ይቺን ያዙልኝ፣ ከፍተኛው ቦታዋ ከመረቡ በእኛ በኩል መሆን አለበት። ጫፏ እነሱ በኩል ከሆነ የሚወዷት ኳስ ናት።

አብረውኝ የሚጫወቱ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው ይሄን ያሳዩኝ። አንድ ቀን ኪችኑ መስመር ላይ አቁመውኝ ዲንክ እንመታለን፣ በየጥቂቱ ኳስ አንድ እርምጃ ወደኋላ በል ይሉኛል። ሁለት ሶስት እርምጃ ድረስ ያው እጄ ይበቃኛል፣ የሜዳው መሀል አካባቢ ስደርስ ግን መድረስ አቃታት፣ እግሬ ሳይታጠፍ ኳሷ አልሄድ አለች። "በቃ፣ ዲንኩ እዚህ ጋ ነው ያለቀው ልጄ" አሉኝ። ሰውነቴ ልዩነቱን ያወቀው ያን ቀን ነው።

የቅዳሜዋን ልንገራችሁ። ከጋሼ ጋር ተጣምረን 8-9-2 ነን፣ ማለትም እኛ 8 እነሱ 9፣ እኔ ሁለተኛው ሰርቨር ነኝ፣ ይቺን ካጣን ሰርቩ ወደነሱ ይሄዳል። ከቀኝ ሰርቭ አደረግኩ፣ ረጅሟ ልጅ ባክሃንዴ ላይ ጥልቅ አድርጋ መለሰችልኝና መስመሩ ላይ ደረሰች። ድሮፕ መታሁ፣ ግን ክብደቴ ኋላ እግሬ ላይ ስለነበር ትንሽ ረዘመችብኝ፣ የኪችኑ መስመር አጠገብ ልትወርድ ስትል ልጅቷ እግሯን ሳታስገባ ጎንበስ ብላ ከአየር ላይ ያዘቻት፣ ይሄ ደግሞ ይፈቀዳል፣ የሚታየው እግር እንጂ እጅ አይደለም። ድሮ ቢሆን ኖሮ መትቼ አንዴ ስለጀመርኩ ዝም ብዬ እሮጥ ነበር። ጋሼ ግን ሁሌ "ኳሷን ሳይሆን ፓድላቸውን እይ" ይሉኛል፣ ፓድሉ ወደ ላይ ከተነሳ ቁም፣ ወደ መሬት ከወረደ ግባ። ተነስቶ አየሁት፣ የሜዳው መሀል ላይ እግሬን ከፈት አድርጌ ቆምኩ፣ እግሬ ስር መታችብኝ፣ ግን ቆሜ ስለነበር ደረስኩባት። አምስተኛዋ ኳስ ናት እንግዲህ፣ እሷንም ድሮፕ አደረግኳት፣ ወደ መሀል፣ ምክንያቱም መረቡ ዳር ላይ 36 ኢንች ነው፣ መሀል ላይ 34። ያቺ ወርዳ አለፈች። አጣማሪዋ አጎነበሰ፣ ፓድሉ ጫፉ ወደ መሬት፣ ጋሼ "ግባ ግባ ግባ!" አሉ፣ ሁለታችንም መስመሩ ላይ ደረስን።

ከዛ በኋላ ነው ዲንክ የጀመረው፣ ስድስት ሰባት ጊዜ ተመላለሰች፣ ማንም አልቸኮለም፣ የጫማ ድምፅ እንኳን አይሰማም ነበር። በመጨረሻ አንዷ የእነሱ ኳስ አንድ ስንዝር ከፍ አለች፣ ጋሼ በሁለቱ መሀል ቁልቁል አወረዷት።

9 እኩል። ወደ ግራ ተሻገርኩ፣ ሰርቭ አደረግኩ፣ ልጁ መለሰልኝና ወደፊት ሮጠ፣ ኳሷ ነጠረች፣ ጉልበቴን አጠፍኩ።