ሂሳቡ ለማን ይቅረብ?

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ዘንድሮ አዲስ ጎጆ የወጣችሁ ልጆቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሰብሳቢያችን "ስለ ትዳርና ስለ ገንዘብ የሆነ ነገር በልልን" ያሉኝ የሕግ ባለሙያ ስለሆንኩ ነው። ግን ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ እያወቁ ዝም አሉ እንጂ። ባለቤቴ ባንክ ትሠራለች። እኔ የመንግሥት ደሞዝተኛ ነኝ። የእሷ ደሞዝ የእኔን ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ከሕጉም ከቤቴም ነው።

መጀመሪያ ከቤቴ ልነሳ። እንደተጋባን ሰሞን ምግብ ቤት ስንሄድ አንድ ልማድ ነበረን። ከመግባታችን በፊት ብሩን ለእኔ ትሰጠኛለች። አስተናጋጁ ሂሳቡን እኔ ፊት ያስቀምጣል፤ እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ እንደ አባወራ እከፍላለሁ። አንድ ቀን በር ላይ መስጠቱን ረሳነው። ሂሳቡ ሲመጣ በጠረጴዛው ሥር ልታቀብለኝ ስትል ብሩ አምልጧት መሬት ላይ ተበተነ። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ ለቀመና "ወደቀብዎት" ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። እዚያው ሁለታችንም ሳቅን። ቤት ስንገባ ግን የሳቀ የለም።

ያን ሌሊት የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ያሳፈረኝ የእሷ ደሞዝ መብዛቱ እንዳልሆነ ነው። ያሳፈረኝ መቀበሉ ነው። እጅ መዘርጋቱ።

ከዚያ ምን አደረግሁ? እንደ ብዙ ወንድ፣ አለሁ ለማለት የማይሆን ነገር አደረግሁ። በእኔ ስም በተከፈተ ሂሳብ ለቤት መሥሪያ ብለን የምናጠራቅመው ገንዘብ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ብድር ሲጠይቀኝ ከዚያ ላይ 60,000 ብር አውጥቼ ሰጠሁት። ለእሷ አልነገርኳትም። ከሁለት ወር በኋላ ስትደርስበት ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? "ወንድ ልጅ ወንድሙን ለመርዳት ሚስቱን ያስፈቅዳል እንዴ?" አልኳት። ሕጉን ለሌላው የማስረዳው እኔ ነኝ።

ሕጉ ምን እንደሚል ልንገራችሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ የበላይ ነበር። ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አንቀጹ "ብዙ ያገኘ ያዛል" አላለም። ባል ቤሳቤስቲን ባይኖረውም የበላይ እሱ ነበር። "እኔ ነኝ የማበላችሁ፣ ስለዚህ እኔ ነኝ የማዝዛችሁ" የሚለውን አባባል ያመጣነው እኛው ነን። ገንዘቡ ወደ ሚስት ሲዞር ደግሞ የገዛ አባባላችን መልሶ ያስፈራናል። አሁን እሷ ልታዝዘን ነው ብለን እናስባለንና!

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ያንን የበላይነት አንስቶታል። ይህ አዋጅ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ክልሎች የራሳቸውን ሕግ ሊያወጡ ይችላሉ። በአዋጁ አንቀጽ 50 መሠረት ባልና ሚስት ቤተሰቡን በመምራት እኩል ናቸው። አንቀጽ 62 ደግሞ ሁለቱም በጋብቻው ውስጥ ሠርተው ያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት ነው ይላል። የውል ስምምነት ከሌለ በቀር የእሷ ደሞዝ የሚባል የግል ገንዘብ የለም። የእኔም እንደዚያው። እያንዳንዱ ደሞዙን በስሙ ሂሳብ ሊያስገባ ይችላል፤ ሌላው "ገቢህ ስንት ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ግን መናገር አለበት። ከ500 ብር በላይ ለማበደር፣ ለመበደር ወይም ለሰው ብድር ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። አምስት መቶ ብር! ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። ሕጉ ግን አልተቀየረም። እና የእኔን 60,000 አስቡት።

ወደ ወር ወጪያችን ልምጣ። ጸባችን ሁሉ ተጠንስሶ የሚወጣው ከዚህ ነበር። ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች ላጠጋጋው። እሷ በእጅ የሚደርሳት 45,000፣ እኔ 15,000። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ አስቤዛው፣ የሠራተኛዋ ደሞዝ ተደምሮ 40,000 ይሆናል። በመጀመሪያ "እኩል ነን" ብለን ለሁለት አካፈልነው። ለእያንዳንዳችን 20,000 ደረሰን። ስሙ እኩል ይሁን እንጂ እኔ በየወሩ 5,000 ይጎድለኛል። ለታክሲ እንኳን የሚተርፈኝ የለም። ስለዚህ እጠይቃለሁ። ስጠይቅ እቆጣለሁ። እሷም ስለምን እንደተቆጣሁ አይገባትም።

ቀጥለን እንደየገቢያችን አደረግነው። እሷ 30,000፣ እኔ 10,000። ይሄኛው ይሻላል፤ ልመናው ቀረ። ግን ለእሷ 15,000 ይተርፋታል፣ ለእኔ 5,000። ፍሪጅ ስትገዛ፣ ለልጁ አዲስ ትምህርት ቤት ስትመርጥ "ከተረፈኝ ነው" ትላለች። ለምን ትጠይቀኝ? በእጇ ያለው ገንዘብ ለመወሰን ይበቃል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ልጃችን አዲስ ዩኒፎርም ለብሶ ሳሎን ቆሞ ነበር። ትምህርት ቤቱን የሰማሁት ከደረት ኪሱ አርማ ላይ ነው። ይህን የምለው ጥፋቱ ሁሉ የእኔ እንዳልነበር እንድታውቁልኝ ነው። እዚሁ ተቀምጣለች፤ አስፈቅጄ ነው የማወራው።

አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው። 60,000ው ሁሉ አንድ ላይ ይቆጠራል። ከላዩ 40,000 ለቤት ይወጣል። ከቀረው 20,000 ላይ 10,000 ለቤት መሥሪያ እናስቀምጣለን፤ ያን ያለ ሁለታችን ፈቃድ ማንም አይነካውም። የቀረውን 10,000 አምስት አምስት ሺህ እንካፈላለን። በዚህ አምስት ሺህ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እሷ ጸጉሯን ትሠራበታለች፣ እኔ ጓደኞቼን ቡና እጋብዝበታለሁ። ለወንድሜም፣ ለእናቷም ከአምስት ሺህ በላይ ከሆነ ተቀምጠን እንነጋገራለን።

እንዳይመስላችሁ፣ ሁሉንም ነገር አልፈታም። እናቴ ዛሬም "ልጄ ላከልኝ" ነው የምትለው። የባንኩ መልእክት ላይ የተጻፈው የባለቤቴ ስም ነው፤ መልእክቱን የምታነብላትም የእህቴ ልጅ ናት። ባለቤቴ በዚህ አንድ ሁለቴ ተቀይማለች። እውነቷን ነው። አሁን ከሁለታችን ነው ብዬ እኔ ራሴ ለእናቴ ደውዬ እነግራታለሁ። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" እየተባለ ላደገች እናት ግን ለመስማት ጊዜ ይወስዳል።

ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ራት ልንበላ ወጣን። ዛሬ በጠረጴዛ ሥር የሚቀባበል ብር የለም፤ ባለቤቴ ስልኳን አወጣች፣ የሚስጥር ቁጥሯን መታች፣ ከፈለች። አስተናጋጁ አጠገቧ ቆሞ ስልኳ ላይ የመጣውን መልእክት አየ፣ አረጋገጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና አንገቱን ደፋ አድርጎ "በጣም እናመሰግናለን ጋሼ" አለኝ።

እኔም "ምንም አይደል" አልኩት።

አመሰግናለሁ።