«ነገር» ተሰርዞ ምን ይተካ?

ውድ የቋንቋ መምህራን፣ እንደምን አላችሁ?

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ አንቀጽ ነው። የጻፈው የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የተሰጠው ሥራ «በደንብ የምታውቁትን አንድ ክፍል ግለጹ» የሚል ነበር። ልጁ አያቱ አናጢ ስለሆኑ የሚሠሩበትን ክፍል መረጠ። እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«የአያቴ የሥራ ክፍል በጣም ደስ ይላል። ውስጡ ብዙ የተለያዩ ነገሮች አሉ። ግድግዳው ላይ ጥሩ ጥሩ ነገሮች ተሰቅለዋል። ጠረጴዛው ላይ መሣሪያ ምናምን አለ። አያቴ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሠራሉ። ክፍሉ አሪፍ ሽታ አለው። እዚያ ስገባ ጥሩ ስሜት ይሰማኛል።»

ይህን አንቀጽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክፍሉ ይለወጣል፣ ልጁ ይለወጣል፣ ቃላቱ ግን እነዚሁ ናቸው። ነገር፣ ነገሮች፣ የተለያዩ፣ ምናምን፣ ጥሩ፣ አሪፍ፣ ደስ ይላል። ሰዋስዉ ምንም እንከን አይወጣለትም። ሥርዓተ ነጥቡም ልክ ነው። ሆኖም አንብበን ስንጨርስ ዓይናችን ላይ የቀረ አንድም ዕቃ የለም።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ የምንሰጠውን እርማት ልጀምርበት፤ ጉዳት አለውና። ጠርዙ ላይ «የተሻለ ቃል ተጠቀም» ብለን እንጽፋለን። ልጁ ታዛዥ ነው፤ የተሻለ ቃል ይፈልጋል። «ነገሮች» የነበረው «ቁሳቁሶች» ይሆናል። «ጥሩ» ወደ «ማራኪ»፣ «ደስ ይላል» ወደ «እጅግ አስደሳች ነው» ይቀየራል። «ግድግዳው ላይ ማራኪ ቁሳቁሶች ተሰቅለዋል።» አሁን ይህ ዓረፍተ ነገር ምን አሳየን? ምንም። ቃሉ ከበድ አለ እንጂ ግድግዳው ያው ባዶ ነው። እንዲያውም ባሰ ማለት ይቻላል። «ነገር» ሲል ልጁ ራሱ እንዳልጨረሰ ይሰማው ነበር። «ማራኪ ቁሳቁሶች» ሲል ግን የጨረሰ ይመስለዋል።

ስለዚህ ልፋቱ ቃል በቃል መተካት አይደለም። ልጁ ወዳየው ነገር ተመልሶ መሄድ አለበት። ቃሉ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከዚህ ልጅ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከአንቀጹ «ግድግዳው ላይ ጥሩ ጥሩ ነገሮች ተሰቅለዋል» የሚለውን ብቻ ያዝን።

«ምንድን ነው የተሰቀለው?» አልኩት።

«መጋዝ።»

«አንድ ነው?»

«አይ፣ ብዙ ነው። ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈው ነው። አያቴ ቦታቸው ሲቀየር አይወዱም።»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው?»

ትንሽ አሰበ። «የትንሿ እጀታ ተሰንጥቋል። በጨርቅ ነው የተጠቀለለው።»

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ልጅ የጎደለው ቃል አልነበረም። መጋዝ፣ እጀታ፣ ጨርቅ፣ ተሰልፎ፣ ተጠቅልሎ፤ ሁሉንም ያውቃል። ምስሉም ሙሉ ሆኖ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። «ነገሮች» የሚለው ቃል ያንን ሁሉ ሳይናገር እንዲያልፍ ፈቀደለት፣ በቃ። እኔ የጠየቅኩት ሦስት አጫጭር ጥያቄዎችን ነው። አንድም ቃል አላቀበልኩትም።

ጥያቄዎቹ ግን ለሁሉም ቃል አንድ ዓይነት አይደሉም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

«ነገር» እና «ምናምን» የአንድ ዕቃ ስም ቦታ ሲይዙ ጥያቄው ቀላል ነው፤ ስሙ ምንድን ነው? «ጠረጴዛው ላይ መሣሪያ ምናምን አለ» የሚለው ላይ ልጁ መዶሻና መሮ አለ። ቀጥሎ ቆመ። «አንድ ደግሞ አለ፣ ስሙን አላውቀውም» አለ። ይህ የሚያጋጥም ችግር ነው፤ ልጆች «ነገር» የሚሉት አንዳንዴ በእውነት ስሙን ስለማያውቁ ነው። ያኔ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሄዶ መጠየቅ ነው። አያቱን ጠየቀና «ሞርሳ» የሚል ቃል ይዞ መጣ። ሁለተኛው፣ የሚጠየቅ ሰው ከሌለ፣ ዕቃው የሚሠራውን መጻፍ ነው፤ «እንጨቱን እንዳይንቀሳቀስ ግራና ቀኝ ጨምቆ የሚይዝ ብረት»። ይህም ቢሆን ከ«ነገር» በብዙ ይሻላል። አንባቢ የዕቃውን ስም ባያውቀው እንኳ ሥራውን ያየዋል።

«አንድ ነገር ይሠራሉ» የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ስሙን ብቻ ብንሞላ «ወንበር ይሠራሉ» ይሆናል። ይሻላል፤ ግን አልበቃም። የደከመው ግሱም ነው። «ይሠራሉ» ከ«ነገር» ጋር ተደጋግፎ የቆመ ግስ ነው፤ አንዱን ስትነኩ ሌላውም መነካት አለበት። ጥያቄው «በዚያች ደቂቃ እጃቸው ምን ያደርግ ነበር?» የሚል ነው። ልጁ እጁን ወደፊት ገፋ አድርጎ አሳየኝ። አያቱ እንጨት ይልጋሉ። መላግ፣ መጥረብ፣ መሰርሰር፣ መገዝገዝ፣ መቦርቦር፤ አማርኛችን ለእንጨት ሥራ ብቻ ስንት ግስ አለው! አንድ ትክክለኛ ግስ ሲገኝ ደግሞ ሦስት ቅጽል ከሥራ ውጭ ይሆናል። ለዚህ ነው እኔ ልጆችን ከቅጽል በፊት ወደ ግስ የምመራው።

በጣም አስቸጋሪዎቹ «ጥሩ»፣ «አሪፍ» እና «ደስ ይላል» ናቸው። እነዚህ የዕቃ ስም አይተኩም። ፍርድ ናቸው። ልጁ አንድ ነገር አየ፣ ወደደው፣ ያየውን ትቶ መውደዱን ብቻ ነገረን። ስለዚህ «ሌላ ቃል አምጣ» ማለት አይሠራም፤ ሌላ ፍርድ ነው የሚያመጣው። መጠየቅ ያለበት «ጥሩ ያሰኘህ ምኑ ነው?» ተብሎ ነው። «አሪፍ ሽታ» ያለው ሲጠየቅ የቫርኒሽና አዲስ የተቆረጠ እንጨት ሽታ ሆነ። «ጥሩ ስሜት ይሰማኛል» ላይ ግን ዝም አለ። ስሜትን በቀጥታ ጠይቃችሁት «ደስታ» ብቻ ነው የምታገኙት። እኔ ጥያቄውን ቀየርኩት፤ «እንደገባህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። «መጥረጊያ አነሣና ሰጋቱራውን እጠርጋለሁ» አለ። «ታዝዘህ ነው?» «አይ፣ ማንም አያዘኝም።» ደስታው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንቀጹን እንደገና ጻፈው። ላንብብላችሁ፦

«የአያቴን የሥራ ክፍል በር ስከፍት መጀመሪያ የሚቀበለኝ የቫርኒሽ ሽታ ነው። ግድግዳው ላይ መጋዞች ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈው ተሰቅለዋል። የትንሿ እጀታ ስለተሰነጠቀ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አያቴ ሞርሳው ላይ አጎንብሰው የወንበር እግር ይልጋሉ። የተላገው እንጨት እንደ ወረቀት እየተጠቀለለ እግራቸው ሥር ይወድቃል። ቀና ሳይሉ ‹በሩን ዝጋው› ይሉኛል። እኔም መጥረጊያውን አንሥቼ ሰጋቱራውን መጥረግ እጀምራለሁ።»

«ደስ ይላል» የሚል ቃል የለበትም። ልጁ ግን ያን ክፍል እንደሚወደው የሚጠራጠር አለ?

መዶሻውና መሮው የት ሄዱ የምትሉ ትኖራላችሁ። ልጁ አውጥቷቸዋል፤ ያወጣውም በምክንያት ነው። እንደገና መጻፍ ሲጀምር፣ ካነበብኩላችሁ በፊት በነበረው ረቂቅ ላይ፣ አሥራ ሁለት ዕቃ ደርድሮ ነበር። መጋዝ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ ምስማር፣ ኮላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሜትር እያለ። «ነገሮች» የሚለውን ቃል የሚፈሩ ልጆች ብዙ ጊዜ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። የንብረት መዝገብ ይወጣቸዋል። እያንዳንዱ ስም ትክክል ነው፣ ድምሩ ግን አይታይም። «ከእነዚህ ውስጥ የአያትህ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚገኘው የቱ ነው?» ስለው ጣቱን በጨርቅ የተጠቀለለው እጀታ ላይ አደረገ። መዶሻ ማንም አናጢ ዘንድ አለ። ያ እጀታ ግን የእሳቸው ብቻ ነው።

እርማቱ እንደያዘ ለማወቅ ሁለት ዘዴ አለኝ። አንደኛው፣ ዓረፍተ ነገሩን አንሥቼ ሌላ ክፍል ላይ አስቀምጠዋለሁ። «ውስጡ ብዙ የተለያዩ ነገሮች አሉ» የሚለው ለመማሪያ ክፍልም፣ ለሆስፒታልም፣ ለጋራዥም ይሠራል። እንዲህ የትም የሚሠራ ዓረፍተ ነገር ገና አልተጻፈም። ሁለተኛው፣ አንቀጹን ለሌላ ተማሪ ሰጥቼ «ሣለው» እለዋለሁ። ሥዕል መቻል አይጠበቅበትም፤ ምን የት እንዳለ ያስቀምጥ። የመጀመሪያውን አንቀጽ የያዘ ልጅ እርሳሱን ይዞ «ምን ልሣል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛውን የያዘ መጋዞቹን መደርደር ይጀምራል። ጸሐፊው አጠገቡ ቆሞ ይህን ሲያይ ከኛ ቀይ እስክሪብቶ የበለጠ ይማራል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እባካችሁ «ነገር» የሚለውን ቃል የተከለከለ አታድርጉት። ክልክል ሲሆን ልጆች «ምንም ነገር አልነካሁም» የሚለውን እንኳ ለማስተካከል ይታገላሉ፤ እዚያ ቦታው ነው። «ነገር ግን» የሚለው ምንም በደል የለበትም። በንግግር ጥቅስ ውስጥ ሰው «ምናምን» ቢል፣ ሰው እንደዚያ ስለሚናገር ይቀመጥ። ልጁ የፍርድ ቃል ሊያስቀር ከፈለገም፣ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጥለት፤ ግን ቀጥሎ ያየውን ያሳየን። ችግር የሚሆነው ፍርዱ ብቻውን ሲቀር ነው።

ስታርሙም ሁሉንም አታስምሩ። በልጁ የመጀመሪያ አንቀጽ ብቻ አሥር ያህል ቃል ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ እንደዚያ ሆኖ የተመለሰለት ልጅ የሚያነበው ቀለሙን ብቻ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ምረጡ። ከአንቀጹ ውስጥ ልጁ ብዙ እያወቀ ዝም ያለበት የሚመስላችሁን። እዚያ ጎን «ግልጽ አይደለም» ብላችሁ አትጻፉ። ጥያቄ ጻፉ፤ «ምን ተሰቅሏል?»፣ «እጃቸው ምን እያደረገ ነበር?»፣ «አሪፍ ያልከው የምን ሽታ ነው?»። መልሱን እናንተ አትጻፉለት፤ ክፍሉን ያየው እሱ ነው። ወረቀቱ ሲመለስላችሁ የቀሩትን «ነገሮች» ራሱ ያወጣቸው እንደሆነ ተመልከቱ። ካላወጣ፣ በሚቀጥለው ዙር ሌላ ሁለት ታሰምራላችሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።