የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ደረሰኝ እስከ መቼ ይቀመጣል? እንዴትስ ይቀመጥ?

ከአዳማ የደወሉ የግንባታ ዕቃዎች ነጋዴ፦ «የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለኝ። መጋዘኔ በደረሰኝ ካርቶን ተሞልቷል። አምስት ዓመት ያለፈውን ማስወገድ እችላለሁ ሲሉኝ ሰማሁ። እውነት ነው?»

አይጣሉት፤ ገና ነው። የአምስት ዓመቱ ወሬ ከየት እንደ መጣ ግን ይገባኛል። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ ሰነዱን የግብር ማስታወቂያውን ካቀረበበት ቀን ጀምሮ ለአምስት ዓመት እንዲይዝ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አዋጁ ግን በዚያው አንቀጽ ሌላ መለኪያ ያስቀምጣል፤ በንግድ ሕጉ የተወሰነውን ጊዜና ይህን አምስት ዓመት አነጻጽሮ ከሁለቱ የሚረዝመውን ይወስዳል። የንግድ ሕጉ ደግሞ የሒሳብ መዝገብና ደጋፊ ሰነድ ለ10 ዓመት እንዲቆይ ያዛል። ስለዚህ እንደ እርስዎ ላለ ማኅበር የሚሠራው ቁጥር 10 ነው።

በራስዎ ሒሳብ እንየው። የበጀት ዓመትዎ ከሐምሌ 1 ቀን 2011 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2012 ነው እንበል። የዓመቱን የግብር ማስታወቂያ ጥቅምት 20 ቀን 2013 አቀረቡ። አምስቱ ዓመት ጥቅምት 20 ቀን 2018 ይሞላል። አሥሩ ዓመት ግን እስከ ሰኔ 2022 ይዘልቃል። እኔ የምመክረው ከእያንዳንዱ ደረሰኝ ቀን ሳይሆን ከበጀት ዓመቱ መጨረሻ እንዲቆጥሩ ነው። ያኔ የአንድ ዓመት ካርቶን በሙሉ በአንድ ቀን ይወገዳል፤ ቅጠል በቅጠል መለየት አይኖርም። ካርቶኑ ላይም በወፍራም ቀለም «2012፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2022 በፊት አይወገድ» ብለው ይጻፉበት።

ሁለት ነገሮች ይህንን ቀን ወደ ፊት ይገፉታል። አንደኛው በዚያ ዓመት ግብር ላይ የተጀመረ ቅሬታ፣ ይግባኝ ወይም የፍርድ ቤት ክርክር ሲኖር ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ሰነዱ አይነካም። ሁለተኛው ብዙዎች የሚዘነጉት ነው፤ የሕንጻና የቋሚ ንብረት ደረሰኝ። የንግድ ሥራ ሕንጻ በዓመት 5 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብለታል። ይህም ማለት ዛሬ የሠሩት መጋዘን ወጪው ተቀንሶ የሚያልቀው በ20 ዓመት ነው። በ18ኛው ዓመት የቀነሱትን እርጅና ኦዲተሩ ሲመረምር «መጋዘኑ ስንት ብር ወጣበት?» ብሎ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን የሲሚንቶና የብረት ደረሰኝ፣ የተቋራጩን የክፍያ ሰነድ ነው። ሕንጻውን ሲሸጡም ከሽያጩ ያገኙት ጥቅም የሚሰላው ከዚያው ወጪ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ የሕንጻና የማሽን ደረሰኞችን ከዓመታዊው ካርቶን አውጥተው ለየንብረቱ በተከፈተ ፋይል ያስቀምጡ፤ የአሥር ዓመቱንም ቆጠራ የመጨረሻው እርጅና ከተቀነሰበት ወይም ንብረቱ ከተሸጠበት ዓመት ይጀምሩ።

ከድሬዳዋ የደወሉ የሆቴል ባለቤት፦ «ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የወጡ የግዥ ደረሰኞቼን በፕላስቲክ ኪስ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኳቸው። አሁን ስከፍታቸው ነጭ ወረቀት ሆነዋል። ምን ላድርግ?»

መሣሪያው የሚያትመው በቀለም አይደለም። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ኬሚካል የተቀባ ነው። ይህ ጽሑፍ በብርሃን፣ በሙቀት፣ በዘይትና በእርጥበት ይደበዝዛል። ፕላስቲክም ይጎዳዋል፤ ለስላሳው ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ወደ ወረቀቱ እየገባ ጽሑፉን ያጠፋዋል። በጽሑፉ ላይ የሚለጠፍ ግልጽ ፕላስተርም እንዲሁ ያደርጋል። በሙቀት የሚሠራ የፕላስቲክ ሽፋንማ ወረቀቱን ወዲያው ያጠቁረዋል።

ለጠፉት አስቀድመው ሻጮቹን ይጠይቁ። ከእርስዎ የግዥ መዝገብ ቀኑን፣ የደረሰኙን ቁጥርና የገንዘቡን መጠን ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ግብይቱ ከእርሱ ዘንድ መመዝገቡን በፊርማና በማኅተም አረጋግጦ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ ከባንክ የክፍያ ማስረጃው ጋር አያይዘው ያስቀምጡት። ይህ ዋናውን ደረሰኝ እንደሚተካ ላረጋግጥልዎ አልችልም፤ ውሳኔው የኦዲተሩ ነው። ባዶ ወረቀት ይዞ ከመቅረብ ግን እጅግ ይሻላል።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ደረሰኙ በእጅዎ በገባበት ቀን በተራ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ያድርጉት። ኮፒው ላይ የሻጩ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የእርስዎ መለያ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የደረሰኙ ቁጥርና ከታች ያለው የመሣሪያው ቁጥር መነበባቸውን ያረጋግጡ። ዋናውን ከኮፒው ጀርባ ጥግ ላይ በስቴፕለር ያያይዙና በወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ ከመስኮትና ከማብሰያ ክፍል ርቆ ባለ ቁም ሣጥን ያኑሩት። የእርስዎ መሣሪያ በየማታው የሚያወጣው የዕለቱ ሽያጭ ማጠቃለያም በዚሁ ዓይነት ወረቀት ነው የሚታተመው፤ እርሱንም ኮፒ ማድረግ አይርሱ።

ከአዲስ አበባ የደወሉ የሒሳብ ሠራተኛ፦ «ኦዲተር በመጣ ቁጥር ቢሮው ይገለባበጣል። ደረሰኝ አለን፤ ግን አናገኘውም። እንዴት ብናደራጀው ይሻላል?»

ኦዲተሩ ከየት እንደሚነሣ ካወቁ ፋይሉን በእርሱ መንገድ ይሠሩታል። ኦዲተሩ ከደረሰኙ ተነሥቶ ወደ ላይ አይመጣም፤ ካስታወቃችሁት ቁጥር ተነሥቶ ወደ ደረሰኙ ይወርዳል። አንድ ግዥ እንከተል።

ድርጅታችሁ በመጋቢት 2012 ከአንድ አስመጪ ብረት ገዛ፤ ዋጋው 100,000 ብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15,000፣ ድምሩ 115,000 ብር። ኦዲተሩ የመጋቢትን የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ያነሣና የግዥ ታክሱን ድምር ያያል። ቀጥሎ የዚያን ድምር ዝርዝር ይጠይቃል፤ ከዝርዝሩም ይህን 15,000 ብር ይመርጣል። ደረሰኙን አምጡ ይላል። ደረሰኙን አይቶ «ገንዘቡስ በእርግጥ ተከፍሏል?» ብሎ ወደ ባንክ መግለጫው ይሄዳል። እዚያ የሚያገኘው ግን 115,000 ሳይሆን 113,000 ብር ነው! ልዩነቱ በጊዜው ከዋጋው ላይ ቀድሞ የተቀነሰው የ2 በመቶ ግብር፣ 2,000 ብር ነው። የተቀናሹ ደረሰኝ አብሮ ከሌለ ሁለቱ ቁጥሮች የተጣሉ ይመስላሉ፤ ጥያቄውም ይበዛል።

እንግዲህ አንድ ላይ መያያዝ ያለባቸው የክፍያ ቫውቸሩ፣ የሻጩ ደረሰኝ ዋናው፣ የተቀናሽ ግብር ደረሰኙ ቀሪ ቅጂ፣ የባንክ ማስተላለፊያው ወይም የቼኩ ቅጂ፣ ዕቃው መጋዘን የገባበት ሰነድ ናቸው። ከላይ የሚሆነው የክፍያ ቫውቸሩ ነው፤ ቁጥሩም ተከታታይ ይሁን። ይህ ቁጥር በሒሳብ መዝገቡ ላይ፣ በወሩ የታክስ ዝርዝር ላይና በፋይሉ ጀርባ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይጻፍ። ቫውቸር 143 ከሆነ በየትኛውም ቦታ 143 ነው። በሻጭ ስም የተደረደረ ፋይል ለግዥ ክፍል ይመች ይሆናል፤ ለኦዲት ግን የወርና የቫውቸር ቅደም ተከተልን አትልቀቁ። የየወሩ ፋይል የመጀመሪያ ገጽ የዚያው ወር የታክስ ማስታወቂያ ቅጂና የተከፈለበት ማስረጃ ይሁን፤ ከእርሱ ሥር ዝርዝሩ፣ ከዚያ ቫውቸሮቹ።

በሽያጭ በኩል በእጅ የሚቆረጥ ደረሰኝ ካላችሁ የተበላሸውን ቅጠል እንዳትጥሉት። ዋናውም ቅጂዎቹም «የተሠረዘ» ተብለው ጥራዙ ላይ ይቆዩ። ኦዲተሩ ከ0501 እስከ 0550 ያለውን ሲቆጥር 0527 ካልተገኘ፣ በእርሱ የተሸጠና የተደበቀ ነገር እንዳለ ነው የሚጠረጥረው።

ያ የብረት ደረሰኝ ቢጠፋ የሚያስከትለውን ልንገራችሁ። የ15,000 ብሩ የግዥ ታክስ አይያዝላችሁም። የ100,000 ብሩ ወጪም ማስረጃ የለውም ተብሎ ውድቅ ሲደረግ በ30 በመቶ ሌላ 30,000 ብር ይመጣል። ከአንድ ወረቀት 45,000 ብር፤ ወለድና መቀጫ ገና አልተደመረም። ሰነድ ባለመያዝ ብቻ አዋጁ በግብር ዘመኑ ሊከፈል ከሚገባው ግብር 20 በመቶ ቅጣት ደንግጓል። መዝገቡ በሙሉ ከታጣ ደግሞ ግብሩ በግምት ይወሰናል፤ ግምቱ ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክምም በግብር ከፋዩ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው ስለ ቫውቸር ቁጥር ይህን ያህል የምጨቀጭቀው።

ከሐዋሳ የደወሉ አድማጭ፦ «ሒሳባችን በፒችትሪ ነው የሚሠራው። ደረሰኞቹን ሁሉ ስካን አድርገን ወረቀቱን ብናስወግድስ?»

ስካን ማድረጉ በጣም ጥሩ ነው፤ ወረቀቱን ግን አቆዩት። አዋጁ በኤሌክትሮኒክ የተያዘ ሰነድንም እንደ ሰነድ ይቆጥራል፤ በወረቀት የተቀበላችሁት ደረሰኝ ግን ኦዲተሩ ዋናውን ላሳዩኝ የሚልበት ነው። ስካኑ የሚያገለግላችሁ ፍለጋውን ለማፋጠንና ደረሰኙ ሲደበዝዝ ይዘቱን ለማቆየት ነው። የፋይሉ ስም በዓመተ ምሕረት፣ በወርና በቫውቸር ቁጥር ይሁን። የመጋቢት 2012 ቫውቸር 143 እንዲህ ይሰየማል፦

```
2012-07-0143.pdf
```

መጋቢት ሰባተኛ ወር ስለሆነ 07 ነው። ዜሮዎቹን አትተዉ፤ ከተዋችኋቸው ኮምፒውተሩ 10ኛውን ወር ከ2ኛው በፊት ሊደረድረው ይችላል።

ፒችትሪን በተመለከተ ያለው አደጋ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ስሙ ሳይቀር ተቀይሯል፤ ዛሬ ሴጅ 50 ነው የሚባለው። ከስምንት ዓመት በፊት በተጫነ ቅጂ የተያዘ የመረጃ ፋይል በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ላይከፈት ይችላል። መጠባበቂያው እያለ መዝገቡ አይነበብም። ስለዚህ በየበጀት ዓመቱ መዝጊያ ላይ አጠቃላይ የሒሳብ መዝገቡን፣ የሒሳብ ማመዛዘኛውን፣ የግዥና የሽያጭ ዝርዝሩን በፒዲኤፍ አውጡ፤ አንድ ቅጂም አትማችሁ አስፈርሙ። መጠባበቂያውን በሁለት የተለያዩ ውጫዊ ዲስኮች ይዛችሁ አንዱን ከቢሮው ውጭ አስቀምጡ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ከፍታችሁ ሞክሩት። ከቢሮው ውጭ ያልኩት እሳትና ሌባ ኮምፒውተሩንም ዲስኩንም አብረው ስለሚወስዱ ነው።

ከባሕር ዳር የደወሉ እናት፦ «ሱቄን ዘግቼ ንግድ ፈቃዴን መልሻለሁ። ደረሰኙን አሁን ልጣለው?»

አይጣሉት፣ እናቴ። ፈቃድ መመለስ ያለፉትን ዓመታት ግብር ከመመርመር አያግድም፤ ማጭበርበር አለ ከተባለ ደግሞ ግብሩን ለማሻሻል የጊዜ ገደብ የለም። ካርቶኖቹን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ውሃ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፤ ከግብር ጽሕፈት ቤቱ የተሰጠዎትን የክሊራንስ ደብዳቤም ከላይ ያድርጉት። የየዓመቱን ካርቶን ይዘትም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ለልጆችዎ ያሳዩ፤ እርስዎ ባይኖሩ ማን የትኛውን እንደሚያወጣ ይወቅ።