ጣሳዋ በዓቢይ ጾም

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ለላም መኖ ወደምንሰፍርባት ጣሳ ልመልሳችሁ ነው። ባለፈው ስለ ድርቆሽ ስናወራ «በጾም ወተት ስለማይሸጥ መኖ መቀነስ ነው» የሚለውን ነገር ሳልነካው አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

እስቲ ሰዓቷን አስቧት። ዓቢይ ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል፤ የማታ አለባ ሊጀመር ነው። ላሟ ግርግሙ ላይ አንገቷን ዘርግታ ትጠብቃለች። ጣሳዋ ፉርሽካው ጆንያ ውስጥ ገብታ ሞልታ ትወጣለች፤ እጅ ደግሞ ግማሹን መልሶ ይደፋል። የጾሙ 55 ቀን ሒሳብ የሚበላሸው እዚያች ላይ ነው።

ዲቃላ ላም ናት እንበል፤ በቀን 12 ሊትር ትሰጣለች፤ 2ቱ ለጥጃ፣ 10ሩ ለሽያጭ። የምትበላው 8 ኪሎ ድርቆሽ፣ 4 ኪሎ ፉርሽካና 2 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ነው። ዋጋው እንደየሰፈሩ ነው፤ ለስሌት ያህል ግን ድርቆሹን በኪሎ 15፣ ፉርሽካውን 25፣ ፋጉሎውን 40 ብር እንያዘው። ድርቆሹ 120፣ የፉርሽካውና የፋጉሎው ድብልቅ 180፣ በድምሩ 300 ብር በቀን። ወተቱ በ60 ብር ሲሸጥ 600 ይገባል፤ 300 ይተርፋል። በጾም ወደ 40 ሲወርድ ግን የሚተርፈው 100 ብቻ ነው። ደንግጦ ድብልቁን በግማሽ መቀነስ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ 90 ብር ይድናልና።

አታላዩ ነገር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። ወተቱ እምብዛም አይወርድም። ላሟ ከገላዋ እየቀነሰች ነው የምታልበው፤ ሰው ግን «ለካ ትርፍ ነበር የምታበላት» ይላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቆይ የጀርባዋ አጥንት ይወጣል፣ ዳሌዋ ይሾላል፣ ወተቱም ይወርዳል። 3 ሊትር ብቻ ቢወርድ እንኳ በጾም ዋጋ 120 ብር ነው። 90 ለማዳን 120!

የሚያናድደኝ ስሌቱ ቀላል መሆኑ ነው። በተለምዶ ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ድብልቅ ይሰጣል። ድብልቁ ኪሎው 30 ብር ከወጣ፣ አንድ ሊትር 15 ብር መኖ ይፈልጋል ማለት ነው። እስከተሸጠ ድረስ 40 ብርም ያዋጣል። የወለደች ሰሞን የተጎዳች ላም ደግሞ ፋሲካ ሲመጣ መኖው ቢመለስላትም ወተቷ በቀላሉ ወደነበረበት አይመለስም። ኮርማ መፈለጓም ይዘገያል፤ የሚቀጥለው ወሊድ ይገፋል። ልትነጥፍ የተቃረበች፣ 4 እና 5 ሊትር ላይ ያለች ከሆነች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሷ ላይ ድብልቅ ቢቀነስ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

በነገራችን ላይ ጣሳዋን መዝኗት። ፉርሽካ ቀላል ነው፤ የተፈጨ ፋጉሎ በዚያው ጣሳ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። «ሁለት ጣሳ ሁለት ጣሳ» እያሉ ከሰጡ ውዱ መኖ ሳይታወቅ እያለቀ ነው።

ከሥሩ ማስተካከል የሚቻለው ሐምሌ ላይ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ የተጠቃች ላም፣ እርግዝናው ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀን ስለሆነ፣ በፋሲካ አካባቢ ትወልዳለች። ከመውለዷ በፊት የምታርፍባቸው ሁለት ወራት ከጾሙ ጋር ይገጥማሉ፤ እንገሩ አልፎ የሚሸጥ ወተት ሲመጣ ገበያው ተከፍቷል። ያምራል አይደል? ግን ካልያዘች 21 ቀን ይጠበቃል። ሦስቴ ከሳተች ሁለት ወር ሄደ። አንድ ላም ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ገቢ የለውም። እና... ይህንን ለሁሉም ሰው አድርጉ ማለት ይከብደኛል።

ወተቱ ጭራሽ ካልተሸጠስ? ያኔ እርጎ አድርጎ መናጥ ነው። ለአንድ ኪሎ ቅቤ ከ15 እስከ 20 ሊትር ይገባል፤ አሬራውም አይብ ይወጣዋል። ቅቤው ለፋሲካ ጥሩ ይሸጣል። ያለው ጣጣ ገንዘቡ የሚመጣው ፋሲካ ላይ መሆኑ ነው፤ ፋጉሎ ግን ዛሬ በእጅ በእጅ ነው የሚገዛው። መኖ ቀንሱ የሚለው ሰው ምናልባት ሒሳቡ ጠፍቶት ላይሆን ይችላል። 180 ብሩ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ከሌለስ? ጾሙ ሳይገባ በጥር ፉርሽካና ፋጉሎውን ገዝቶ ማስቀመጥ አለ፤ ግን ፋጉሎ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ የሻገተ ደግሞ ለላምም ለወተቱም መርዝ ነው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል... እሱም ቢሆን የጥር ብር ላለው ነው። እንጃ። እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌ እቆማለሁ።