በነጠላው ዘርፍ መፍረድ፦ የፎቶ ባክግራውንድ መቀየሪያ ነፃ አፕ ስለ መምረጥ

የሐበሻ ልብስ በቴሌግራም መሸጥ ለጀመሩ ነጋዴዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣

ከመግባቴ በፊት በር ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር ስንነጋገር የጠየቃችሁኝ ጥያቄ አንድ ነው። ልብሱን ለብሳ የቆመችው ልጅ ፎቶ የተነሳችው ሳሎን ውስጥ ነው፣ ከኋላዋ ሶፋውና የመጋረጃው ዘንግ ይታያል፤ ይህን ባክግራውንድ አጥፍቶ ሌላ የሚተካ ነፃ አፕ የትኛው ነው? አንድ ስም ጠርቼ መቀመጥ እችል ነበር። ነገር ግን እነዚህ አፖች በነፃ የሚሰጡትንና በክፍያ የሚቆልፉትን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይሩ፣ ዛሬ የጠራሁት ስም ከጥቂት ወራት በኋላ ላይጠቅማችሁ ይችላል። ስለዚህ እኔ ራሴ አዲስ አፕ ስልኬ ላይ በጫንኩ ቁጥር የማደርገውን ፈተና ላሳያችሁ መርጫለሁ። ፈተናው ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ የሚያስፈልገውም አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም በእጃችሁ ካሉት ሁሉ በጣም አስቸጋሪው መሆን አለበት።

አስቸጋሪው የቱ እንደሆነ ለመለየት አፑ ምን እንደሚሠራ በጥቂቱ ማወቅ ይበጃል። ፎቶ ማለት በጣም ትንንሽ የቀለም ነጥቦች፣ ማለትም ፒክስሎች፣ ተደርድረው የሠሩት ምስል ነው። አፑ እያንዳንዱን ነጥብ «ይህ የሰውየዋ አካል ነው ወይስ ከኋላዋ ያለ ነገር?» እያለ ይገምታል፣ ከዚያም የኋላውን ይሰርዛል። ትከሻና ጫማ ላይ ግምቱ ቀላል ነው፤ ጠርዙ ቁርጥ ያለ ስለሆነ ደካማ የሚባለው አፕ እንኳ አይሳሳትም። ችግሩ የሚመጣው የነጠላው ዘርፍና ያልተጎነጎነ ጠጉር ላይ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ አንዷ ነጥብ ግማሿ ፈትል፣ ግማሿ ግድግዳ ትሆናለች። ነጠላ ደግሞ ከዚህም የባሰ ፈተና አለው። ስስ በመሆኑ ከኋላው ያለው ነገር በፈትሉ መካከል ያሳያል፤ አፑ ነጠላውን እንዳለ ቢያስቀረው የድሮው ግድግዳ ቀለም በውስጡ ተሸክሞ ይመጣል፣ ግድግዳውን ሙልጭ አድርጎ ለማጥፋት ቢሞክር ደግሞ ነጠላውን ይበሳዋል።

ይህን የተማርኩት በሰው ንብረት ላይ ተሳስቼ ነው። አንዲት ደንበኛዬ የሠላሳ ነጠላ ፎቶ ሰጥታኝ፣ ፈጣን በሆነ አንድ አፕ ሁሉንም በአንድ ከሰዓት ጨረስኩላት። በስልኬ ስክሪን ላይ ሳየው ንጹሕ ነበር። በማግሥቱ ገዢዎች «ዘርፉ ተቆርጧል እንዴ?» እያሉ ይጽፉላት ጀመር። ፎቶዎቹን በሁለት ጣት አጉልቼ ሳያቸው፣ በሸማኔው እጅ የተገመደው ዘርፍ በመቀስ እንደተከረከመ ሆኖ በቀጥታ መስመር ተቆርጧል። ሠላሳውንም እንደገና ሠራኋቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ የፈተና ፎቶ አስቀምጫለሁ። ጠጉሯን የለቀቀች ሴት ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ አረንጓዴ ቀለም በተቀባ የቆርቆሮ በር ፊት ቆማ የተነሳችው ነው፤ ስፋቱ 3000፣ ቁመቱ 4000 ፒክስል ነው፣ ይህም በድምሩ 12 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። በቅርቡ ይህን ፎቶ ለሦስት አፖች ሰጠሁ። የመጀመሪያው በጥቂት ሰከንድ ጨርሶ፣ ነጭ ባክግራውንድ ላይ ሲያስቀምጣት የሚያምር ምስል ሰጠኝ። እኔ ግን በነጭ ላይ አይቼ አልፈርድም። ነጭ ነጠላ በነጭ ባክግራውንድ ላይ ጉድለቱን ስለሚደብቅ፣ ለፈተና ያህል ጥቁር ባክግራውንድ አስገባሁና አጎላሁት። በዘርፉ ዙሪያና በጠጉሯ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ጭረት ተጣብቆ ቀርቷል፤ የበሩ ቀለም ነው። እናንተም በመጀመሪያ በጥቁር፣ ቀጥሎ በደማቅ ቀይ ላይ እያስቀመጣችሁ ዘርፉን፣ የጆሮ ጉትቻውን፣ በክንድና በወገብ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። በተለይ ክፍተቱን ብዙ አፖች ይረሱታል።

ሁለተኛው አፕ ዘርፉን ፈትል በፈትል አወጣልኝና በጣም ተደሰትኩ፤ ደስታዬ ግን ፎቶውን ጋለሪዬ ውስጥ እስካስቀምጠው ድረስ ብቻ ነበር። ያስቀመጠልኝ ፎቶ 433 በ577 ፒክስል ሆኖ አገኘሁት፤ 12 ሚሊዮኑ ነጥብ ወደ 250 ሺህ ገደማ፣ ማለትም ወደ አርባ ስምንተኛው ወርዷል። ትልቁን መጠን ለማውረድ ክፍያ ይጠይቃል። ይህ በነፃ አፖች ዘንድ የተለመደ አሠራር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ሙሉ ጥራት ያሳያሉ፣ ሲያስቀምጡ ግን ያሳንሱታል ወይም የራሳቸውን ምልክት ጥግ ላይ ያትሙበታል። ስለዚህ ፍርዱ አፑ ውስጥ ባያችሁት ምስል ላይ ሳይሆን ጋለሪ ውስጥ በተቀመጠው ፋይል ላይ ይሁን። ፎቶውን ከፍታችሁ ዝርዝር መረጃውን ስትነኩ መጠኑን ያሳያችኋል። ስንት ይበቃል ብትሉኝ፣ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የምትልኩትን በተለመደው አሠራሩ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ስለሚያወርደው፣ ከዚያ ያላነሰ ፋይል የሚሰጣችሁ አፕ ለቻናላችሁ ይበቃል። 577 ግን ከግማሹም ያነሰ ነው፤ ገዢዋ ጥለቱን ለማየት ስታጎላው ፈትሉ ይደበዝዝባታል።

ሦስተኛው በጣት እያሻሹ የሚያጠፉበት ዓይነት ነው። ራሱ ከገመተው በኋላ ማጥፊያና መመለሻ ብሩሽ ይሰጣል። ለአንድ ፎቶ ሰባት ደቂቃ ያህል ወሰደብኝ፤ ነገር ግን የተቆረጠውን ዘርፍ በመመለሻው አምጥቼ፣ አረንጓዴውን ጭረት በትንሿ ማጥፊያ ጠርጌ፣ መጠኑን ሳይቀንስ አስቀመጠልኝ። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ግምቱ የማይሳሳት አፕ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሲሳሳት ማረም የማያስችል አፕ ደግሞ የሰጣችሁን ተቀብላችሁ እንድትቀመጡ ያደርጋችኋል። መመለሻ ብሩሽ የሌለውን አፕ ሌላውን ሁሉ ሳላይ አጠፋዋለሁ።

ባክግራውንዱ የጠፋለትን ፎቶ ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ ስትፈልጉ PNG በሚለው አስቀምጡት። JPG ባዶ ቦታ መያዝ ስለማይችል ባዶውን በነጭ ወይም በጥቁር ይሞላዋል። አንዳንድ አፕ ደግሞ ባዶነትን ለማመልከት የሚታየውን ነጭና ግራጫ ዳማ ራሱን ሥዕል አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ይህን የምታውቁት ፋይሉን በሌላ አፕ ስትከፍቱት ዳማው አብሮ ከመጣ ነው። PNG በቴሌግራም ለሌላ ሰው ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን File በሚለው በኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ባዶው ቦታ መንገድ ላይ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዳታ ልምጣ። አፑ ሥራውን የሚሠራው እዚሁ ስልካችሁ ውስጥ ነው ወይስ ፎቶውን ወደ ባለቤቱ ኮምፒውተር ልኮ? ይህን ለማወቅ ዳታና ዋይፋይ አጥፍታችሁ አንድ ፎቶ ስጡት። ከሠራ፣ ሥራው ስልካችሁ ውስጥ ነው። ካልሠራ፣ ፎቶው እየተላከ ሊሆን ይችላል፤ ያም ማለት ለእያንዳንዱ ፎቶ ከጥቅላችሁ ይቆረጣል፣ የለበሰችው ልጅ ፊትም ሌላ ቦታ ይደርሳል ማለት ነው። ባዶ ቀሚስ ማንጠልጠያ ላይ ሆኖ ቢላክ አይቆጨኝም። የሰው ፊት፣ ይልቁንም የልጆች ፊት ያለበትን ግን ዳታ ሳይኖር በሚሠራ አፕ ብቻ እንድትሠሩ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በGoogle Play ላይ Data safety የሚል ክፍል አለ፤ አንብቡት፣ ነገር ግን የሚሞላው የአፑ ባለቤት ራሱ መሆኑን አትርሱ። አይፎን ያላችሁ ደግሞ፣ ስልኩ XS ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ሆኖ ከiOS 16 ጀምሮ ያለው ሥርዓት ከተጫነበት፣ ፎቶ ማሳያው ውስጥ ሰውየዋን ጫን አድርጋችሁ ብትይዙ ከባክግራውንዱ ተነጥላ ትወጣለች። ይህ ሌላ አፕ አይጠይቅም፤ ማረሚያ ብሩሽ ግን የለውም።

ስለ ክፍያ በአጭሩ ልናገር። በአፑ ስም ሥር In-app purchases የሚል ጽሑፍ ካለ ከውስጡ የሚሸጥ ነገር አለ ማለት ነው፤ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ እናንተ የምትፈልጉት ያው ባክግራውንድ ማጥፊያ ነው። Canvaን ብትወስዱ አፑ በነፃ ይሠራል፣ ባክግራውንድ ማጥፊያው ግን Pro በሚባለው በሚከፈልበት ክፍል ውስጥ ነው። «ለሰባት ቀን በነፃ ሞክሩ» ብሎ ካርድ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ስትጠቀሙ፣ አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን እንደማያቋርጠው እወቁ። ክፍያው የሚቋረጠው በGoogle Play ወይም በApp Store ውስጥ ካለው የSubscriptions ዝርዝር ነው።

ልብስ ለሚሸጥ ሰው የቀረው ትልቅ ነገር ቀለም ነው። አንዳንድ አፕ ባክግራውንዱን ሲቀይር ሳይጠየቅ ፎቶውን ያደምቀዋል፤ ቡና ዓይነቱ ጥለት ወደ ቀይ ይጠጋል፣ ክሬሙ ሸማ በረዶ ይመስላል። ገዢዋ የከፈለችው ላየችው ቀለም ስለሆነ፣ ልብሱን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ፣ የመጀመሪያውንና የተቀመጠውን ፎቶ ጎን ለጎን አስተያዩ። ቀለሙን የለወጠውን አፕ፣ ማድመቂያውን ማጥፋት ካልተቻለ፣ ተዉት። አዲሱ ባክግራውንድም የላሊበላ ወይም የጎንደር ፋሲል ፎቶ ባይሆን እመርጣለሁ። እዚያ ፎቶ ላይ ፀሐይዋ ከግራ ስትመጣ የእናንተ ሳሎን መብራት ከቀኝ ይመጣል፣ ልጅቷም እግሯ ሥር ጥላ ስለሌላት አየር ላይ የተንሳፈፈች ትመስላለች። ፈዘዝ ያለ ግራጫ ባክግራውንድ ከእግሯ ሥር ለስለስ ካለ ጥላ ጋር ልብሱን በደንብ ያሳያል።

ለዲቪም በዚህ አፕ ፎቶ እንሠራለን ያላችሁኝ ነበራችሁ፤ እባካችሁ አታድርጉት። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለእነዚህ ማመልከቻዎች በሶፍትዌር የተለወጠ ፎቶ አይፈልግም። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥራችሁ፣ ሰውየውን ጥላው አንሶላው ላይ እንዳያርፍ ራቅ አድርጋችሁ አንሱት፤ ከዚያ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል ባለው መጠን አራት ማዕዘን አድርጎ መቁረጥና ከ240 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ማድረግ ብቻ ይቀራችኋል።

በሩ አጠገብ የሰቀልኩትን ነጠላ አይታችሁታል። በሻይ ሰዓት በመጀመሪያ በነጩ ግድግዳ ላይ፣ ቀጥሎ ከጥቁር ሰማያዊው መጋረጃ ሁለት እርምጃ ያህል አርቃችሁ ፎቶ አንሱት፤ ሁለቱንም ስልካችሁ ላይ ላለው አፕ ስጡት። ነጩ ላይ የተነሳውን አብዛኛው አፕ ይበላዋል፤ መጋረጃው ፊት በተነሳው ግን ዘርፉ ምን ያህል እንደተረፈ አጉልታችሁ አምጡልኝ፤ ስንመለስ ከእያንዳንዳችሁ ስልክ አብረን እናያለን።